ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል? ልጄ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ

የቤዛ እናት · ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን 4 ኪሎ ነው፤ ልጄ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ናት። ትናንት ማታ ወጥ እያማሰልኩ ደብተሯን ይዛ መጣች።

"እማዬ፣ (−3) × (−4) ለምን 12 ይሆናል?"

"ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነዋ!" አልኳት።

"እሱንማ ቲቸርም ብሎናል። ለምን?"

እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስደምር ስቀንስ ነው የምውለው። ግን "ለምን" ስትለኝ ዝም አልኩ። ከዚያ በዕዳ ላስረዳት ሞከርኩ። "3 ብር ዕዳ አለብሽ እንበል፤ 4 ብር ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብሽ..." ብዬ ጀመርኩና መሀል ላይ ተያዝኩ። ዕዳ በዕዳ ተባዝቶ እንዴት ሀብት ይሆናል? እንደዛ ቢሆንማ እኔ እስካሁን ፎቅ ሠርቼ ነበር። ልጅቷ ሳቀችብኝ። ወጡም አረረ።

ለልጅ በሚገባ መንገድ የሚያስረዳኝ አለ?

---

አቋራጭ · ሰኞ ማታ 2፡52

ይሄማ ቀላል ነው። ሁለት የመቀነስ ምልክት አለሽ አይደል? አንዱን አጋድሚው፣ ሌላውን አቁሚና በላዩ ላይ አሳልፊው። + ሆነ። በቃ። ሁለት ኔጌቲቭ ከተገናኙ ፖዘቲቭ። እኔ በዚህ ነው ማትሪክ ያለፍኩት። ለምን ለምን እያላችሁ ልጅ አታስጨንቁ።

---

ባለኪዮስኩ · ሰኞ ማታ 3፡05

እህቴ፣ ዕዳ ከበዛብሽ ባለሱቁን ቀርበሽ አናግሪው። እኔ ራሴ አቡነ ጴጥሮስ አካባቢ ኪዮስክ አለኝ። ደንበኛ መጥቶ "አሁን የለኝም፣ በሁለት ጊዜ ልክፈል" ካለኝ እሺ ነው የምለው። የሚያናድደኝ መንገድ ቀይሮ የሚሄደው ነው። "ዱቤ የለም" ብዬ ካርቶን ላይ ጽፌ ለጥፌያለሁ፤ ካርቶኑን እያነበበ ዱቤ የሚጠይቅ አለ።

---

የቤዛ እናት · ሰኞ ማታ 3፡20

ኧረ ባለኪዮስኩ፣ ዕዳ እንኳ የለብኝም፤ ለምሳሌ ነው ያነሳሁት! (አመሰግናለሁ ግን።)

አቋራጭ፣ ያንን የመስቀል ዘዴ ልጄም ታውቀዋለች። አሁን ደብተሯን ገልጬ ሳይ ምን አገኘሁ መሰላችሁ፦

(−5) + (−2) = 7

በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። "ለምን 7 አልሽ?" ብላት "ሁለት ኔጌቲቭ ከተገናኙ ፖዘቲቭ ነው" አለችኝ። አንተ እንዳልከው ቃል በቃል።

---

አቋራጭ · ሰኞ ማታ 3፡24

እሱ መደመር ነው እኮ። እኔ ያልኩት ለማባዛት ነው።

---

ቱተሯ · ሰኞ ማታ 3፡41

አላልክም። "ከተገናኙ" ነው ያልከው። :)

እኔ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ቤት ለቤት አስጠናለሁ። ይሄ ስህተት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ በጣም ነው የሚያጋጥመኝ። ልጁ ማባዛቱን ሁሌ ልክ ያገኛል፤ ስለዚህ የገባው ይመስላል። ገብቶት እንደሆነ የማጣራው ሁለቱን ጎን ለጎን በመጻፍ ነው፦

(−5) + (−2)
(−5) × (−2)

ለሁለቱም ያለማመንታት ፖዘቲቭ ካለ ሕጉን ሸምድዷል እንጂ አልገባውም። ለመደመሩ ዕዳ ጥሩ ነው። ከአንድ ሱቅ 5 ብር፣ ከሌላው 2 ብር ተበድረሽ እንዴት 7 ብር አተረፍሽ? ብዬ እጠይቃለሁ። ይስቃሉ። ለማባዛቱ ግን እኔም ዕዳ አልጠቀምም። የቤዛ እናት የተያዘችበት ቦታ እኔንም ይይዘኛል።

---

ጠመኔ · ሰኞ ማታ 4፡10

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። ማታ ማታ እዚህ አነባለሁ፤ ብዙ አልጽፍም።

የቤዛ እናት፣ የተያዝሽው መያዝ ባለብሽ ቦታ ነው። 3 ብር ዕዳን በ4 ብር ዕዳ ማባዛት ትርጉም የለውም። ግን ዕዳውን ተዪውና 3 ብርን በ4 ብር ማባዛትስ ትርጉም አለው? 12 ምን? 12 ካሬ ብር? ዳቦ ስትገዢ 3 ብርን በ4 የምታባዢው 4ቱ ብር ስላልሆነ ነው። 4ቱ "ስንት ጊዜ" የሚለው ነው። በዕዳም ነገሩ ያው ነው። አንደኛው ቁጥር ዕዳው ነው። ሌላኛው ያ ዕዳ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ወይም ስንት ጊዜ እንደተሰረዘ ነው።

ከሰፈር ሱቅ ወተት በዱቤ ትወስጃለሽ እንበል። የአንድ ቀኑ 60 ብር ይሁን። ባለሱቁ በየቀኑ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል። እያንዳንዱ መስመር ላንቺ −60 ነው። 5 መስመር ሲጻፍ 5 × (−60) = −300። እዚህ ድረስ ቤዛ አትቸገርም።

ቅዳሜ ልትከፍዪ ሄድሽ። ደብተሩን ስታዪው ከአምስቱ መስመሮች ሦስቱ የተጻፉት እናንተ ለለቅሶ ገጠር ሄዳችሁ ቤቱ ተዘግቶ በነበረባቸው ቀናት ነው። የባለሱቁ ልጅ በልማድ ጽፎታል። ባለሱቁ ይቅርታ ይልና እስክሪብቶውን አንስቶ ሦስቱን መስመር ይሰርዛል።

አሁን ቁጥሩን እንየው። መስመር መጻፍን በፖዘቲቭ ከቆጠርን መሰረዝን በኔጌቲቭ ነው የምንቆጥረው። ሦስት መስመር ተሰረዘ፤ −3 ነው። የእያንዳንዱ መስመር ዋጋ −60 ነው። ስለዚህ የሆነው ነገር (−3) × (−60) ነው። ውጤቱን ለማወቅ ሕግ አያስፈልግም፤ ደብተሩን ማየት ነው። 300 የነበረው ዕዳሽ 120 ሆነ። ከ−300 ተነስቶ −120 ለመድረስ 180 መጨመር አለበት። +180።

ለቤዛ ስትነግሪያት ሁለቱን ኔጌቲቮች አትቀላቅዪባት። አንዱ "ዕዳ ነው" ይላል፤ ሌላው "ተሰረዘ" ይላል። ዕዳ በዕዳ አልተባዛም።

---

ባለኪዮስኩ · ሰኞ ማታ 4፡22

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። መስመሩን ስሰርዝላት እኔ 180 ብር አልሰጠኋትም። ኪሷ ውስጥ ምንም አልገባም። ታዲያ +180 የታለ?

---

ጠመኔ · ሰኞ ማታ 4፡35

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ክፍል ውስጥም ሁሌ የሚነሳ ነው። 180ው የኪስ ብር አይደለም። የምንቆጥረው ያላትን ሁሉ ከነዕዳዋ ነው።

እንዲህ እየው። የቤዛ እናት 300 ብር ቆጥራ በቦርሳዋ ይዛ መጣች። ሦስቱ መስመር ባይሰረዝ ከፍላ ስትወጣ ቦርሳው ባዶ ነበር። ስለተሰረዘ 120 ከፍላ 180 ይዛ ወጣች። ብሩ ከመጀመሪያውም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ግን የሷ አልነበረም፤ ያንተ ነበር። በመሰረዙ የሷ ሆነ።

ልጁ "ኪስ ውስጥ ስንት አለ" እያለ ካሰበ የዕዳው ምሳሌ ያደናግረዋል። "ሁሉን ከፍዬ ብጨርስ ስንት ይተርፈኛል" ብሎ ካሰበ ይገባዋል።

---

ባለኪዮስኩ · ሰኞ ማታ 4፡38

እሺ ይሄ ገባኝ። ግን ልጅ ደብተር ላይ እንዲጽፍ አላደርግም። ምሳሌውም ቢሆን አናዶኛል።

---

ቱተሯ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ጋሽ ጠመኔ፣ የመሰረዙ ነገር አሪፍ ነው፤ እጠቀምበታለሁ። እኔ ግን የማስጠናው በቁጥር ድርድር ነው። ወረቀቱን ለልጁ ሰጥቼ ራሱ እንዲጽፍ አደርጋለሁ፦

3 × (−4) = −12
2 × (−4) = −8
1 × (−4) = −4
0 × (−4) = 0
(−1) × (−4) = ?
(−2) × (−4) = ?
(−3) × (−4) = ?

የመጀመሪያዎቹ አራቱ ማንንም አያስቸግሩም። −4ን ሦስት ጊዜ መደመር −12 ነው። ዜሮ ጊዜ ከደመርከው ምንም የለም። ከዚያ "መልሶቹን ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብብ፤ በየደረጃው ምን ሆነ?" እላለሁ። በ4 ይጨምራል። "እንግዲህ ከ0 በኋላስ?" 4፣ 8፣ 12።

አንድ የሚያጋጥመኝ ችግር ግን አለ። አንዳንዱ ልጅ እንዲህ ይሞላዋል፦ −12፣ −8፣ −4፣ 0፣ −4፣ −8፣ −12። መስታወት ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ "12፣ 8፣ 4፣ 0 እየቀነሰ ሄደ" ብሎ ማየቱ ነው። ምልክቱን አላየውም። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። "ሊፍት ውስጥ ነህ፤ ከቤዝመንት 12 ወደ ቤዝመንት 8 ሄድክ። ወጣህ ወይስ ወረድክ?" ወጣሁ ይላል። "ግራውንድ ደረስክ፤ ሊፍቱ አሁንም እየወጣ ነው። ቀጥሎ ምን ላይ ይደርሳል?" እዚህ ላይ ዓይናቸው ሲበራ አያለሁ።

(12 ፎቅ ወደታች የወረደ ቤዝመንት ያለው ሕንጻ አዲስ አበባ ውስጥ አለ ወይ ብሎ የተከራከረኝ ልጅ ነበር።)

---

ጥርጥር · ማክሰኞ ጠዋት 4፡50

4 ኪሎ ግቢ 2ኛ ዓመት ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና ድርድሩ ምንም አያረጋግጥም። እስካሁን በ4 ስለጨመረ ወደፊትም በ4 ይጨምራል ያለው ማነው?

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ክብ ሥሩ፤ ጠርዙ ላይ ነጥቦች አድርጉና ሁሉንም በቀጥታ መስመር አገናኙ። ክቡ ውስጥ ሦስት መስመሮች አንድ ቦታ ላይ እንዳይገናኙ፤ ሁለት ሁለት ብቻ ይቋረጡ። ክቡ ስንት ቦታ ተከፈለ? በ1 ነጥብ 1 ነው። በ2 ነጥብ 2። በ3 ነጥብ 4። በ4 ነጥብ 8። በ5 ነጥብ 16። በ6 ነጥብስ? ሁሉም ሰው 32 ይላል። ቆጥራችሁ እዩት፤ 31 ነው።

አምስት ጊዜ የሠራ ድርድር ስድስተኛው ላይ ተሰበረ። የቱተሯ ድርድር ደግሞ አራት ደረጃ ብቻ ነው ያለው።

---

አቋራጭ · ማክሰኞ ጠዋት 5፡02

ወይ ጉድ። ልጅቷ 7ኛ ክፍል ናት ወንድሜ።

---

ቱተሯ · ማክሰኞ ቀን 6፡30

ጥርጥር፣ በምሳ ሰዓት በሰሃን ክብ ሥዬ ቆጠርኩት። መጀመሪያ 30 መጣልኝ። ነጥቦቹን እኩል ስላራራቅኳቸው ሦስት መስመሮች መሀል ላይ ተገናኝተውብኝ ነው። አናግቼ እንደገና ስሠራው 31 ሆነ። እውነትህን ነው፤ ይሄንን አላውቅም ነበር።

ግን ልጁን የማሳየው "እንዲህ ቢሆን ይገጥማል" ለማለት ነው። ማረጋገጫ ነው አላልኩም።

---

ጠመኔ · ማክሰኞ ማታ 1፡45

ጥርጥር፣ ጎበዝ። ጥርጣሬህ ቦታ አለው። ግን የቱተሯ ድርድር ከክቡ ድርድር የሚለይበት ነገር አለ። በክቡ ላይ ቁጥሩ ለምን በእጥፍ እንደሚያድግ ማንም ምክንያት አልሰጠም፤ በዓይን ነው የታየው። በዚህኛው ግን ደረጃው ለምን 4 እንደሆነ እናውቃለን። ከ3 × (−4) ወደ 2 × (−4) ስትወርድ ምን አደረግህ? አንድ −4 አነሳህ። የ4 ብር ዕዳ ሲነሳ 4 ይጨምራል። ከ2 ወደ 1ም አንድ አነሳህ። ከ1 ወደ 0ም እንደዚያው። ከ0 ወደ −1 ስትሄድም የምታደርገው ያንኑ ነው፤ አንድ −4 ታነሳለህ።

የዱቤው ደብተርና የቱተሯ ድርድር አንድ ነገር ናቸው። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ የተሰረዘ መስመር ነው።

---

ጥርጥር · ማክሰኞ ማታ 2፡05

ከ3 ወደ 2 ሲወርድ የሚነሳ −4 አለ። ከ0 ወደ −1 ሲወርድ ግን ምንም የተጻፈ የለም። ከባዶ ደብተር ላይ ምን ይሰረዛል ጋሼ?

---

ሴራሚክ ሠሪው · ማክሰኞ ማታ 2፡30

ከጥያቄው ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም። እኔ የትምህርት ሰው አይደለሁም፤ ሴራሚክ አነጥፋለሁ። "ሁለቴ መቀነስ" የሚል ነገር ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ አንድ ቤት ይዘን ነበር። ሳሎኑ 10 በ10 ሴራሚክ ይፈጃል፤ 100 ማለት ነው። ባለቤትየዋ ሐሳቧን ቀየረች። በአንድ በኩል ቁም ሳጥን ስለሚገባ 2 መደዳ ይቅር፤ ከሱ ጋር ማዕዘን በሚሠራው ግድግዳ በኩል ደግሞ 3 መደዳ ይቅር አለች። ረዳቴ እስክሪብቶ አወጣና ሠራው። 2 መደዳ 20 ነው፤ 3 መደዳ 30 ነው። 100 ሲቀነስ 20 ሲቀነስ 30፣ 50። ሃምሳ ገዝቶ መጣ።

አንጥፈን አንጥፈን በሩ ጋ ስንደርስ አለቀ። 6 ጎደለ። ወለሉን ስንለካው 8 በ7 ነው፤ 56። ምን ሆኖ ነው? ማዕዘኑ ላይ ያሉት 6ቱ ሴራሚኮች ከ2ቱ መደዳም ውስጥ አሉ፤ ከ3ቱ መደዳም ውስጥ አሉ። ሁለቴ ቀንሷቸዋል። የሌሉትን ሴራሚኮች እንደገና አስቀርቷቸዋል።

መርካቶ ተመልሶ 6 ሲያመጣ ቀለሙ ትንሽ ለየት አለ። እስካሁን በሩ ጋ ይታያል። ባለቤትየዋ አላየችም፤ እኔ ግን ሁሌ ይታየኛል።

---

ጠመኔ · ማክሰኞ ማታ 3፡00

ወንድሜ፣ ይገናኛል እንጂ! ጥርጥር የጠየቀውን አንተ ወለል ላይ አንጥፈህ አሳየኸው።

ወለሉ (10 − 2) × (10 − 3) ነው። በትነን ስናባዛው 10 × 10 = 100 ነው። 10 × (−3) = −30። (−2) × 10 = −20። የቀረው (−2) × (−3) ነው። ይሄ ስንት እንደሆነ አናውቅም እንበል። እስካሁን ያለው 100 − 30 − 20 = 50 ነው። ትክክለኛው መልስ ደግሞ 56 ነው፤ ማንም ሄዶ በጣቱ መቁጠር ይችላል። እንግዲህ (−2) × (−3) ስንት ቢሆን ነው 50ው 56 የሚሆነው? +6 ብቻ። −6 ብንለው 44 ይመጣል። ረዳቱ ደግሞ ጭራሽ ረስቶታል፤ 0 ነው እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ለዚህ ነው 6 የጎደለው።

ቁጥሩን ለውጣችሁ ሞክሩት። 97 × 98 በቃል ስትሠሩ (100 − 3) × (100 − 2) ነው። 10,000 − 200 − 300 + 6 = 9,506። በስልካችሁ ካልኩሌተር አረጋግጡ። የመጨረሻውን 6 ብትቀንሱት 9,494 ይመጣል፤ ስህተት ነው።

---

ጥርጥር · ማክሰኞ ማታ 3፡18

አሁን ነገሩ ጣፈጠ። ግን ወለሉ ላይ ኔጌቲቭ ቁጥር የለም። መቀነስ ብቻ ነው ያለው። ሴራሚክ ሠሪው −2 መደዳ አላነጠፈም።

---

ጠመኔ · ማክሰኞ ማታ 3፡50

ልክ ነህ። በታሪክም ነገሩ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የመጣው። የእስክንድርያው ዲዮፋንቶስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደኖረ ይገመታል። ጉድለት በጉድለት ሲባዛ ትርፍ እንደሚሆን ጽፏል፤ ልክ እንደ ሴራሚኩ ማዕዘን። ግን ኔጌቲቭ ቁጥርን ለብቻው እንደ መልስ አይቀበልም ነበር። መልሱ ኔጌቲቭ የሚሆን ጥያቄ ሲገጥመው ትርጉም የለሽ ይለዋል።

ለብቻው እንደ ቁጥር ቆጥሮ ሕጉን አሟልቶ የጻፈው የሕንዱ ብራህማጉፕታ ነው፤ በ628 ዓ.ም. በፈረንጆቹ። ፖዘቲቩን "ሀብት"፣ ኔጌቲቩን "ዕዳ" ብሎ ነበር የሚጠራቸው። የሁለት ዕዳዎች ብዜት ሀብት ነው ብሏል።

---

አቋራጭ · ማክሰኞ ማታ 3፡53

ይኸው! ዕዳ በዕዳ ሀብት! ጋሼ ራስዎ ሰኞ ዕለት ዕዳ በዕዳ አይባዛም ብለው ነበር።

---

ጠመኔ · ማክሰኞ ማታ 4፡04

ብያለሁ። ብራህማጉፕታ "ዕዳ" ያለው የቁጥሩን ስም ነው፤ እኛ "ኔጌቲቭ" እንደምንለው። የሱቅ ደብተር ይዞ አልነበረም። እኔ ያልኩት ስለ ብር ነው። ብር በብር አይባዛም፤ ሀብትም ሆነ ዕዳ።

ወደ ጥርጥር ልመለስ። ከባዶ ደብተር ምን ይሰረዛል ብለሃል። ባዶውን ደብተር እንዲህ አስበው። የ4 ብር ዕዳ ጻፍኩበት፤ ጎኑ ላይ 4 ብር ተከፍሏል ብዬ ጻፍኩበት። ድምሩ አሁንም ዜሮ ነው። አሁን የዕዳውን መስመር ሰርዘው። ምን ቀረ? የተከፈለው 4 ብር። ከባዶ ላይ አንድ −4 ስታነሳ +4 ቀረህ ማለት ነው። ሦስት ጥንድ ጽፈህ ሦስቱን ዕዳ ብትሰርዝ 12 ይቀርሃል።

ለሱቁ ያየነው፣ ለድርድሩም ለሴራሚኩም ያየነው አንድ ነገር ላይ ነው የቆመው። ማባዛት በመደመር ላይ ይበተናል። 8ን በ7 ስታባዛ 7ን 10 ሲቀነስ 3 ብለህ ከፍለህ ማባዛት ትችላለህ፤ መልሱም አይለወጥም። ይሄ ለኔጌቲቮችም እንዲሠራ ከፈለግህ (−2) × (−3) ከ6 ሌላ መሆን አይችልም።

---

ጥርጥር · ማክሰኞ ማታ 4፡15

"ከፈለግህ" ነው ያሉት ጋሼ። እንግዲያው ምርጫ ነው። ተፈጥሮ አላዘዘንም።

---

ጠመኔ · ማክሰኞ ማታ 4፡21

ምርጫው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ መበተኑን ትተዋለህ ወይስ አትተወውም። ካልተውከው ቀጥሎ ያለው ላይ ምርጫ የለህም።

---

ጥርጥር · ማክሰኞ ማታ 4፡24

ለምን እንደማንተወው ግን እስካሁን አልነገሩኝም። "ይመቻል" ከሚለው ውጭ።

---

ሴራሚክ ሠሪው · ማክሰኞ ማታ 4፡30

ብትተወው ሴራሚክ ይጎድልሃል።

---

ጥርጥር · ማክሰኞ ማታ 4፡33

ሴራሚኩ ላይ ኔጌቲቭ የለም እኮ አልኩ። :) እሺ፣ መምህራችንን እጠይቃለሁ።

---

የቤዛ እናት · ረቡዕ ማታ 2፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከፊሉ ከኔ አቅም በላይ ሄዷል፤ አልዋሽም። ጥርጥርና ጋሽ ጠመኔ የሚከራከሩበትን ሁለቴ አንብቤ ተውኩት።

ዛሬ እራት ከበላን በኋላ ከቤዛ ጋር ቁጭ አልን። መጀመሪያ የቱተሯን ድርድር አደረግን። መልሶቹን በእጄ ሸፍኜ አንድ በአንድ ስገልጥላት ራሷ ሞላችው። ሊፍቱን ነገርኳት። "ሊፍቱ ለምን ይቆማል ታዲያ" አለች፤ ጥሩ ምልክት መሰለኝ።

ከዚያ የወተቱን ነገር። ደብተር ሠራን፤ አምስት መስመር ጻፈች፤ ሦስቱን በስክሪብቶ ሰረዘች። "ዕዳችን በስንት ቀለለ?" አልኳት። "በ180" አለች። "እንግዲህ (−3) × (−60) ይሄ ነው" ስላት ዝም ብላ ወረቀቱን አየችው። (−5) + (−2)ን እንደገና ሰጠኋት። "ሁለት መስመር ዕዳ ነው፤ የተሰረዘ የለም" ብላ −7 ጻፈች። ደስ አለኝ።

ልጄ ግን በዚህ አላቆመችም። "እማዬ፣ ለኛ +180 ከሆነ ለባለሱቁስ?" አለች። ለሱ እያንዳንዱ መስመር +60 ነው፤ የሚቀበለው ብር ነው። ሦስቱ ሲሰረዝ (−3) × 60፣ −180። እስክሪብቶው ያው፣ መስመሩ ያው፤ ለአንዱ ፕላስ ለሌላው ማይነስ። ወረቀቱን በሁለት ከፍላ "እኛ" እና "ሱቁ" ብላ ጻፈችና ደመረችው። ዜሮ መጣ። ይሄ ትክክል ነው ወይስ በአጋጣሚ ነው የመጣው ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች።

---

ጠመኔ · ረቡዕ ማታ 2፡40

በአጋጣሚ አይደለም በያት። ወረቀቱንም አትጣዪው።

---

ባለኪዮስኩ · ረቡዕ ማታ 2፡44

ከሰኞ ጀምሮ በኔ በኩል ያየው ሰው እሷ ብቻ ናት።